የግራው ኩላሊት

በክሊኒኩ ግቢ በቀለም ጣሳ የተተከለችው ጽጌረዳ ሥሯ እርጥብ ነበር። የሌሎቹ ጣሳዎች አፈር በሚያዝያ ፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ የሷ ብቻ ጭቃ ሆኗል። ይህን ያየሁት አማቴ ከአግዳሚው ተነሥተው፣ ባሌ አለበል በክንዳቸው ደግፎ ወደ ምርመራው ክፍል ካስገባቸው በኋላ ነው። አግዳሚው ላይ ትተውት የሄዱት የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ጠብታ አልነበረበትም። ያንን ውሃ ጠጥተው፣ ሽንታቸውን ይዘው እንዲቆዩ ነበር የታዘዝነው። እሳቸው ለአበባዋ አጠጥተውታል።

ተናደድሁ። አማቴ እመት ሸዋረግ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተው ጎንደር ቁስቋም እኛ ቤት ካረፉ ጀምሮ የኔን ውሃ አይጠጡም። ብርጭቆ ሳቀርብላቸው ከንፈራቸውን አስነክተው ያስቀምጡታል፤ ዞር ስል ይደፉታል። ምግቤን ይበላሉ፤ ውሃዬን ይደፋሉ። ምን እንደሚጠረጥሩኝ በአፋቸው መናገር አላስፈለጋቸውም። ልጃቸውን ካገባሁበት ቀን ጀምሮ «ያች የከተማ ልጅ» እንጂ «ሐመልማል» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ቢሞቱ ደግሞ ቤቴ ነው የሚሞቱት። «ምን አብልታ ገደለቻቸው?» የሚለውን የቀብር ላይ ሹክሹክታ ገና ከአሁኑ እሰማው ነበር።

እግራቸው አብጧል። ምግብ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ሌሊት ገላቸውን ሲያኩ ያድራሉ። በደም ምርመራቸው ኩላሊታቸው ደም ማጣራት እያቃተው እንደሆነ ተነግሮናል። ለምን እንዳቃተው ለማየት ነው ዛሬ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ የመጣነው።

ተከትያቸው ገባሁ። ዶክተር ምናለ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር በድካም ጠቁሯል። ደጅ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለሆነ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

«ውሃ ጠጥተዋል?» አለ።

«አንድ ሊትር ሙሉ!» አለ አለበል፣ ራሱ የጠጣው ይመስል።

አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። «አልጠጡም፤ ደፉት» ብል ጠቡ እዚያው ይጀመራል። አማቴ አልጋው ላይ ተጋድመው በጎን ዓይናቸው አዩኝ። እንዳወቅሁባቸው አውቀዋል።

ዶክተሩ ጎናቸውን ሲቀባቸው ዘለል አሉ። «ምንድን ነው ይኸ የምትለቀልቀኝ? ንፍጥ ይመስላል!»

«ጄል ነው እናቴ። ድምፁ እንዲያልፍ ነው።»

«የምን ድምፅ? እኔ ምንም አልሰማሁ።»

«ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ሰውነትዎ ውስጥ ገብቶ ይመለሳል፤ ማሽኑ የተመለሰውን ሥዕል ያደርገዋል።»

«ሁሉንም ያያል?» አሉ። ድምፃቸው ድንገት ቀነሰ።

«የምፈልገውን ያሳየኛል» አለ ዶክተሩና መሣሪያውን ጎናቸው ላይ ጫን አደረገው።

ዓይኑን ከማሽኑ አልነቀለም። ሐኪም ዝም ሲል እኔ በሐሳብ ቶሎ እሄዳለሁ፤ አስከሬን ሳጥን ጋ፣ ድንኳን ጋ፣ ሰልስት ጋ እደርሳለሁ። መሣሪያውን ከቀኝ ጎን ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ እምብርታቸው አዞረ።

«ፊኛዎ ሞልቷል» አለ። «ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ። ፊኛ ከመጠን በላይ ሲሞላ ውሃው ወደ ላይ ስለሚገፋ ኩላሊቱ ያበጠ ሊመስል ይችላል። ባዶ ሆኖ ደግሜ ማየት አለብኝ።»

ሞልቷል? ከምን ሞላ? ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ በአፋቸው አልገባም። እዚያ ውስጥ ያለው ውሃ ሽንት አይደለም ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው አልሁ በልቤ።

ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ቆዩ። በሩን በእግራቸው ከውስጥ ደግፈው ይዘውታል። እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ትንሽ ጠብ ጠብ።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ሽንቴንም ልትቆጥሪው ነው?»

ተመለስን። ዶክተሩ እንደገና ቀባቸውና አየ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ግማሹ አልወጣም» አለ። «ኩላሊቱም እንደዚያው ነው።» መሣሪያውን ወደ ታች ወደ ታች ሲያወርደው አማቴ እጁን ቀብ አደረጉት።

«ከእምብርቴ በታች ምን ትፈልጋለህ? ኩላሊቴ ያለው ጎኔ ላይ ነው!»

እጁን አላቀቀና ወረቀት ሰጣቸው፣ እንዲጠርጉበት። ከዚያ የማሽኑን መስኮት ወደ እኛ አዞረው። እኔ ከግራጫ ጭጋግ በቀር ምንም አላየሁበትም።

«ልብ ብላችሁ ስሙኝ» አለ። «ይኸ ቀኙ ኩላሊት ነው። ርዝመቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ አሥር ግድም መሆን ነበረበት። ቀለሙን ደግሞ እዩት። ጤነኛ ኩላሊት ከጎኑ ካለው ጉበት ጠቆር ይላል፤ ቢበዛ ይመሳሰላል። ይኸ ከጉበቱ በልጦ ያበራል።»

«ታዲያ ማብራቱ ሸጋ አይደለም?» አሉ አማቴ።

«አይደለም እናቴ። የሚያበራው ጠባሳው ነው። ሥራ የሚሠራው ሥጋ አልቆ ጠባሳ ሲተካው ኩላሊት ያንሳል፤ ይነጣል። ይኸ ትናንት የመጣ አይደለም፤ ዓመታት ወስዷል። በመድኃኒት አይመለስም።»

አለበል ወደኔ ዞረ። ዓመታቱን ሁሉ እናቱ ያሳለፉት አምባ ጊዮርጊስ እንደሆነ እያወቀ፣ ወደኔ ዞረ።

«አሁን ግራውን እዩ» አለ ዶክተሩ። «እንደ ቀኙ አልኮሰመነም። የውጩ ሥጋ ገና ወፍራም ነው፤ ደህና ነው። መካከሉ ላይ ያለውን ይኸን ጥቁር አያችሁት? ሽንት ነው። መውጣት የነበረበት ሽንት ተጠራቅሞ ውስጡን ወጥሮታል። እናቴ፣ መስኖ አጠጥተው ያውቃሉ?»

«ምነው ሳላጠጣ!»

«ቦዩ ከታች ሲደፈን ውሃው የት ይሄዳል?»

«ወደ ኋላ ይመለሳላ። ማሳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ሰብሉን ያበሰብሰዋል።»

«በቃ፣ እንደዚያ ነው የሆነው። ይኸ ኩላሊት አልሞተም፤ መውጫ አጥቷል። ቶሎ ከተከፈተለት ያንሰራራል። ካልተከፈተለት እንደ ቀኙ ይሆናል። ያን ጊዜ ሌላ የለዎትም።»

 አለበል ወደ ማሽኑ መስኮት ተጠግቶ ጣቱን ሰካ። «ይኸስ? ይኸ ክቡ ነገር?»

«እሱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ዙሪያው ስስ ነው፤ ውስጡ ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ዓይነቱ በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ላይ ይገኛል፤ አይጎዳም። እሱን እርሱት።»

«እርሱት? ሆድ ውስጥ የበቀለ ነገር ይረሳል? በመርፌ ሳብላታ!»

«አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም! ሁለቱም ጥቁር ነው። ሁለቱንም ውሃ ነው ብለሃል። አንዱን እርሱት ትላለህ፣ አንዱ ይገድላታል ትላለህ! እየቀለድህብን ነው?»

ዶክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ወንድሜ፣ ክቡ ለብቻው የተዘጋ ነው፤ ከምንም ጋር አይገናኝም። ያኛውን ግን ተመልከት፤ እነዚህ ጥቁር ጣቶች ሁሉ እርስ በርስ ተያይዘው ወደዚህ ቱቦ ይወርዳሉ። ቱቦውም ከላይ እስከ ታች ሰፍቷል። ስለዚህ የተዘጋው ከታች ነው፤ ፊኛው አካባቢ። አንተ የማይጎዳውን ይዘህ ስትጮህ የሚጎዳው እየሠራ ነው።»

«ድንጋይ ነው?» አልሁ እኔ።

«ድንጋይ አላየሁም።»

ድንጋይ አላየሁም ነው ያለው። ካንሰር አላየሁም አላለም። ልጠይቀው ስል እሱ ቀደመኝ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩን ያበላሸው። ለአማቴ ጎንበስ ብሎ፣ ልጃቸው እዚያው ቆሞ እያለ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ማህፀንዎ በቦታው አይታየኝም። ወደ ታች የወጣብዎ ነገር አለ?» አላቸው።

የአማቴ ፊት መጀመሪያ ጠቆረ፤ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ቀሚሳቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሳቡና ከአልጋው ወረዱ።

«ምናባቱ ነው የሚለኝ ይኸ? በልጄ ፊት! በወለድሁት ልጅ ፊት!»

«አንተ!» አለ አለበል፤ የዶክተሩን የጋዎን ክሳድ ጨብጦታል። «እናቴን እንድታዋርዳት ነው ያመጣናት?»

«ተሳስቻለሁ፤ አንተን ማስወጣት ነበረብኝ። ልቀቀኝና ውጣ፣ ነርሷን ልጥራ...»

አማቴ ግን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ኮሪደሩ ላይ ደርሰዋል። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየናል። አለበል ተከትሏቸው ሮጠ። እኔ ልወጣ ስል ዶክተሩ ጠራኝ፤ ክሳዱን እያስተካከለ፣ ተቆጥቶ።

«አንቺ ምራታቸው ነሽ? ስሚኝ። ማህፀን ወደ ውጭ ሲወርድ የኩላሊት ቱቦዎቹን አብሮ ይስባቸዋል፤ ይታጠፋሉ፤ ይደፈናሉ። ይኸ ከሆነ በላስቲክ ቀለበት ወደ ቦታው ሲመለስ ብዙ ጊዜ ውሃው ይወርዳል። ሌላ ነገር ሊሆንም ይችላል፤ ታች ሳይታይ አላውቅም። ነገ ጠዋት ሲስተር አመተ ሥላሴ አለች። አዋላጅ ናት፤ እሷ ብቻ ታያቸዋለች። ልጃቸው አይገባም፣ እኔም አልገባም።»

«ካልመጡስ?»

«የደማቸውን ውጤት አይተሻል። ካልተከፈተላቸው የቀራቸው ሳምንታት ብቻ ነው። ደግሞ አገራቸው ገብተው መንገዱ ቢዘጋ ማን ያመጣቸዋል?»

ይኸንን ለኔ ነገረኝ። ካሉት ሰዎች ሁሉ እሳቸው ፈጽሞ ለማይሰሙኝ ለኔ።

ባጃጁ ውስጥ ሦስታችን ተጣበን ተቀመጥን። አማቴ በአንድ ጎናቸው ብቻ ነበር የተቀመጡት፤ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር የአለበልን ጉልበት ጨምድደው ይይዛሉ።

«ይኸን ክሊኒክ የመረጥሽው አንች ነሽ» አለኝ አለበል።

«ጎረቤት የጠየቅህ አንተ ነህ።»

«አፍሽን አትክፈችብኝ ዛሬ።»

«ተዋት» አሉ አማቴ። «ደስ ብሏታል። በልጄ ፊት ስዋረድ ቆማ አየች፤ ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ነገ ማለዳ አገሬ እገባለሁ። ጸበሌን እጠጣለሁ፤ ስሞትም በሰው አገር አልሞትም።»

«አትሞችም እማ» አለ አለበል፤ ድምፁ ተሰበረ። «ኩላሊት ከሆነ እኔ ሁለት አለኝ። አንዱን እሰጥሻለሁ። አበቃ።»

እንዲህ ብሎ ተናገረው፤ ከሁለት ጋቢው አንዱን እንደሚሰጥ ሰው። የሱ አባት በደም ግፊት ነው የሞቱት። እሱም ግፊቱን ተለካ ብለው አይሰማም። ጎኑን ተቀድዶ በፋሻ ተጠቅልሎ ታየኝ፤ ከዚያ የቀረችው አንዷ ኩላሊቱ ስትደክም ታየኝ፤ ከዚያ ሁለቱ ልጆቼ ጥቁር ለብሰው ታዩኝ። ባጃጁ ቁስቋም ዳገቱን ሳይጨርስ ሁሉንም ቀብሬ ጨርሼ ነበር።

አለበል እናቱን ቤት አድርሶ፣ የማለዳ መኪና ለመያዝ ወደ መናኸሪያ ተመለሰ። ልጆቼን እህቴ ቤት ልኬያቸው ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። ጓዛቸውን በነጠላ ቋጥረው፣ በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ እንደገና በአንድ ጎናቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ይዘውታል፤ እንግዳነታቸው እንዳበቃ ለማሳየት።

ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ልልጥ አሰብሁ። ቢላዋውን እንደያዝሁ ቀረሁ። ውሃ አልጠጡም፤ ፊኛቸው ግን ሞልቷል። ሽንት ቤት ቆዩ፤ አቃሰቱ፤ ግማሹ አልወጣም። በአንድ ጎን ይቀመጣሉ። ጓሮ ከቆርቆሮው ጀርባ ሁልጊዜ የሚሰጣ፣ ማንም እንዲያጥብላቸው የማይፈቅዱት ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ እኔ የአፍንጫ መጥረጊያ ነው ብዬ ስጸየፈው የነበረ። ዶክተሩ ያለው እውነት ነው። ውሃውን የሚደፉት እኔን ፈርተው አይደለም። መሽናት ፈርተው ነው።

ይኸንን ማወቄ ለሳቸው ያለኝን ፍቅር አልጨመረውም። እንዲያውም ይበልጥ ተናደድሁ። ያን ሁሉ ጊዜ መርዝ እንደምሰጥ ሴት በራሴ ቤት ተሸማቅቄ ኖሬያለሁ።

ወጣሁና ፊት ለፊታቸው ቆምሁ።

«ጽጌረዳዋን ሲያጠጡ ያየሁዎ መሰለዎ? አላየሁዎም። ጭቃውን ነው ያየሁት።»

«ሰላይ።»

«ውሃዬን የሚደፉት መርዝ መስሎዎት ነው ብዬ ነበር።»

ሳቅ አሉ፤ የንቀት ሳቅ። «መርዝስ አንድ ጊዜ ነው። ውሃ ከሆነ መሽናት አለ።»

ከአፋቸው ካመለጣቸው በኋላ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔም ጊዜ አልሰጠኋቸውም።

«ወጥቶብዎታል። አይደል?»

«ዝም በይ!»

«በእጅዎ ካልገፉት ሽንቱ አይመጣልዎትም። ጨርቁም ለዚያ ነው።»

«ዝም በይ አልሁሽ፣ ባለጌ! እናትሽን እንዲህ ትያታለሽ?»

«እናቴ አትደብቀኝም ነበር።»

ዱካውን ጨብጠው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልቻሉም። እግራቸው እንደ ሊጥ አብጧል። ተመልሰው ተቀመጡና ገርበብ ባለው በር ወደ ውጭ እያዩ መናገር ጀመሩ። ለኔ አልነበረም የሚናገሩት፤ ለደጁ ነው።

«ስቆም ይወርዳል። ስተኛ ይገባል። ሸክም ስይዝ ጭራሽ... ድሮ እንቁላል ያህል ነበር። አሁን ሁለመናው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

በአገጫቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአለበልን ኮት አሳዩኝ። «ከሱ። ትልቅ ነበር ሲወለድ። አራስ ቤት ሳለሁ ሰውየው በሬ ጠፋበትና ሄደ፤ ውሃ የሚቀዳ አልነበረም። እንስራውን አዘልሁ። ዳገቱ መካከል ላይ አንድ ነገር ሸርተት አለ።» አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ማን ይነገረዋል? ባል ይነገረዋል? ልጅ ይነገረዋል? ያች ማሽን ግን አየች። አየች አይደል? ልጄም አየው?»

«ማሽኑ ያየው የለም። በቦታው አለመኖሩን ነው ያወቀው። አለበል ያየው ያንን ክቡን ብቻ ነው። እስካሁንም እሱን አውጡላት እያለ ነው።»

ትንሽ ቀለል አላቸው። ያን ጊዜ ዶክተሩ የነገረኝን ነገርኋቸው፤ ማህፀኑ ሲወርድ ቱቦዎቹን እንደሚያጥፍ፣ ቀለበቱን፣ አዋላጇን። እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ነገርኋቸው፤ አንድ ነገር ረስቼ የሚሞቱ መስሎኝ።

«አልሄድም» አሉ። «እዚያ ኮሪደር ላይ ሁለተኛ አልታይም።»

«እንግዲያው የግራው ይሞታል።»

«ይሙት! የኔ ነው!»

«የርስዎ አይደለም» አልሁ፤ ድምፄ ጮኸ። «እማማ፣ እኔ አልወድዎትም።»

«አውቃለሁ። እኔም አልወድሽም።»

«ስለዚህ ውሸት አያስፈልገንም። ለርስዎ ብዬ አይደለም የምለምነው። ልጅዎ ባጃጅ ውስጥ ያለውን ሰምተዋል። የግራው ከሞተ ኩላሊቴን እሰጣለሁ ብሏል። ያውቁታል፤ ካለ አይመለስም። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አባት ያስፈልጋቸዋል።»

«በአፉ ነው። አይነኩትም።»

«ጎኑን ይከፍቱታል። ከዚህ እስከዚህ።» በራሴ ጎን ላይ በጣቴ አሳየኋቸው። «የሱን አውጥተው ለርስዎ ይተክላሉ። አሁን በቀለበት የሚከፈተውን፣ ያን ጊዜ በልጅዎ ሥጋ ይከፍሉታል።»

ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ደም ይመረመራል፣ መስማማት አለበት፣ አዲስ አበባ መሄድ አለ፤ በሳቸው ዕድሜና አቅም ሐኪም ይፈቅድ አይፈቅድም አላውቅም። ዶክተሩ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይኸንን አልነገርኋቸውም።

 ብርሃኑ ከደጁ እየሸሸ ነበር፤ የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ይሰማል።

«ያች አዋላጅ» አሉ በመጨረሻ። «የጎንደር ልጅ ናት?»

«አላውቅም።»

«አፈ ሰፊ ናት?»

«አላውቅም እማማ። ሴት ናት፣ ይኸንን ብቻ ነው የማውቀው።»

«አንችስ? ለሱ አትነግሪውም?»

«አልነግረውም።»

«ማይልኝ።»

«በቁስቋሟ! አልነግረውም።»

«ካንሰር ቢሆንስ?» አሉ ድንገት።

እኔ ቀኑን ሙሉ ሳኝከው የዋልሁትን ቃል እሳቸው አሉት። መልካም ነገር መናገር የማውቅ ሴት ብሆን ኖሮ «አይሆንም» እላቸው ነበር። «ከሆነም ነገ እናውቀዋለን» አልኋቸው።

«አፍሽ መራራ ነው» አሉ። ግን ጓዛቸውን በእግራቸው ከበሩ ገፋ አደረጉት።

ወዲያው የአለበል ኮቴ ግቢው ውስጥ ተሰማ። ላብ በላብ ሆኖ ገባ። «መኪና ይዣለሁ እማ! ሹፌሩ ዳኛው ይባላል፤ ያገርሽ ልጅ ነው። ገና ሳይነጋ እዚህ በር ድረስ መጥቶ ይወስድሻል፤ ፊት ወንበር።»

«አልሄድም» አሉ።

«ምን?»

«አልሄድም አልሁህ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ? አሁን አይደል እሄዳለሁ ያልሽው?»

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። እውነቱን የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አገጫቸውን ወደኔ ወረወሩት።

«ሚስትህን ጠይቃት! ከለከለችኝ። ጓዜን ነጠቀችኝ። ያ ባለጌ ዶክተር ጋ መልሼ ካልወሰድሁሽ አለች። ምን ላድርግ? እግር የለኝ፣ ጉልበት የለኝ፤ በሰው ቤት ነኝ።»

አለበል ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ የሚያዩኝን አማቴን አየሁ። ዓይናቸው ውስጥ ይቅርታ አልነበረበትም። ትእዛዝ ነበረበት።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«እናቴን? ያንን ሁሉ ተዋርዳ? እናትሽ ብትሆን ታደርጊው ነበር?»

«ከለከልኋቸው። ነገ ጠዋት እኔና እሳቸው እንሄዳለን። አንተ አትመጣም።»

«እኔ አልመጣም? ማን ነሽ አንች? በእኔ እናት ላይ ማን አዛዥ አደረገሽ?» ወደኔ ተጠጋ። የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ግን መትቶኝ አያውቅም፣ አሁንም አልመታኝም። የተናገረው ይብሳል። «ልቤ ሁልጊዜ ነግሮኛል። እንድትሞትልሽ ነው የምትፈልጊው። አንድ ነገር ብትሆን ግን በዚህ ቤት አትኖሪም፤ ስሚኝ፣ አትኖሪም!»

«እሽ» አልሁት።

ሳልከራከር እሽ ማለቴን አልለመደም፤ ግራ ገባውና ዘወር አለ። ስልኩን አውጥቶ ሹፌሩን ይቅርታ እየጠየቀ ወደ መኝታ ክፍል ገባ፤ በሩን ከኋላው ሲያላትመው የግድግዳው ስዕል ተንቀጠቀጠ።

ሁለታችን ቀረን። ሲስተር አመተ ሥላሴ ነገ ስታያቸው ፊቷ ሲለወጥ፣ ወደ ውጭ ወጥታ በቀስታ ስትጠራኝ፣ «በቀለበት የሚድን አይደለም» ስትለኝ ከአሁኑ ይታየኝ ነበር። አለበልም ያን ጊዜ ምን እንደሚለኝ አውቄዋለሁ፤ አንዴ ብሎታል።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ አማቴ፤ መኝታ ክፍሉ እንዳይሰማ በሹክሹክታ። «ማልደን አይደል የምንሄደው? በይ ዝጊው፤ ብርድ ገባ።»

ገርበብ ያለውን በር ገፋሁት። እንጨቱ ባለፈው ክረምት አብጦ እንደተጣመመ ስለቀረ በትከሻዬ ካልተጫንሁት አይገጥምም። ተጫንሁት። መቀርቀሪያውን ሰድጄ ቁልፉን አዞርሁት።